አስቸጋሪ ደንበኛን በሰላም መሸኘት፦ ሦስት መልእክት፣ ሦስት ቀን

አንድ ጊዜ ከደንበኛ ጋር የተለያየሁት በአንድ ረጅም ኢሜይል ነበር። ሥራውን እንደማቆም ነገርኩት። ለምን እንደመረረኝ ከነምሳሌው ዘረዘርኩ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀሪውን ሒሳብ ጠየቅሁ። ደንበኛው የመለሰው ለመካከለኛው ክፍል ብቻ ነው። «እኔ መቼ እንዲህ አልኩ?» ብሎ ጀመረ፣ እኔም የድሮ መልእክት እየቆረጥኩ ማስረጃ መላክ ያዝኩ። ክርክሩ ሲረዝም ሒሳቡን ሁለታችንም ረሳነው። እሱ መርሳቱ አልጎዳውም፣ እኔን ግን ጎዳኝ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ማቆሜን አንድ ቀን እናገራለሁ፣ ሒሳቡን ሌላ ቀን እልካለሁ፣ ስንብቱን ደግሞ ሁሉም ካለቀ በኋላ። ሦስቱ በአንድ መልእክት ውስጥ ከተገናኙ ይጣላሉ። ደንበኛው በስንብቱ ከተናደደ ንዴቱን የሚወጣው በሒሳቡ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ሥራ ይዘን እንሂድ። ድረ ገጽ የምትሠሩ ግለሰብ ባለሙያ ናችሁ እንበል። ስምምነቱ የአምስት ገጽ ድረ ገጽ ነው። ሒሳቡ እንዲቀል ጠቅላላ ዋጋውን 100 እናድርገው፦ ለዲዛይን 40፣ ለእያንዳንዱ ገጽ ግንባታ 10፣ ድረ ገጹን ለሕዝብ ለመክፈትና አጠቃቀሙን ለማሳየት 10። ደንበኛው እስካሁን 50 ከፍሏል፣ እሱንም ተለምኖ። እኩለ ሌሊት ላይ ይጽፋል፣ ያጸደቀውን ቀለም በሳምንቱ ይቀይራል፣ «ይቺን ብቻ» እያለ ሥራ ይጨምራል። እናንተም በቃኝ ብላችኋል።

1. ከመናገራችሁ በፊት ውሉን አንብቡ

ከጠብ ማግስት አትጻፉ። መጀመሪያ ውሉን አውጡና አራት ነገር ፈልጉ። ውሉን ለማቋረጥ ስንት ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል? ሲቋረጥ እስከዚያ ለተሠራው የሚከፈለው እንዴት ይሰላል? የሥራው ባለቤትነት ወደ ደንበኛው የሚተላለፈው መቼ ነው? ማሳወቂያውስ በምን መንገድ ይላክ ይላል? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ውሉ «በኢሜይል» እያለ በስልክ ብቻ ከተናገራችሁ ቀኑ መቆጠር አልጀመረም።

የተፈረመ ውል ከሌለ ዋጋውንና የሥራውን ዝርዝር የጻፋችሁበት፣ እሱም «እሺ ጀምር» ብሎ የመለሰበት መልእክት አለ። እሱን እንደ ስምምነታችሁ ቁጠሩት። የማሳወቂያ ጊዜ ካልተወሰነ እኔ ለእንዲህ ያለ ሥራ 14 ቀን፣ በየወሩ ለሚከፈልበት ቀጣይ ሥራ 30 ቀን እሰጣለሁ።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ጋ አለ። ውሉ «ሥራውን በዚህ ዋጋ እጨርሳለሁ» ብቻ ብሎ ስለ ማቋረጥ ምንም ካላለ፣ ገንዘብ ተቀብሎ በመሀል መውጣት ውል ማፍረስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ሁለት መንገድ አላችሁ፦ ጨርሶ መውጣት፣ ወይም ደንበኛው ራሱ በጽሑፍ እንዲስማማ ማድረግ። ብዙ ገንዘብ ካለበት መልእክቱ ሳይላክ የሕግ ባለሙያ ይየው።

ደግሞ ሁሌም መሀል ላይ መውጣት አያስፈልግም። የቀረው የአንድ ሳምንት ሥራ ከሆነ ጥርስን ነክሶ ጨርሶ ሌላ ሥራ አለመቀበል ከሁሉም ያነሰ ዋጋ የሚያስከፍለው መንገድ ነው። በእኛ ምሳሌ ግን ብዙ ይቀራል፣ ውሉም በ14 ቀን ማሳወቂያ መለያየትን ይፈቅዳል።

2. ማን ለማን ምን እንዳለበት ጻፉ

በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ። በአንዱ እናንተ ያለባችሁን፣ በሌላው ደንበኛው ያለበትን። ከትዝታ አትጻፉ፣ ኢሜይሉን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ እያነበባችሁ ጻፉ።

በምሳሌያችን ዲዛይኑ አልቆ በጽሑፍ ጸድቋል። ሁለት ገጽ ተሠርቷል፣ ሦስተኛው ግማሽ ላይ ነው፣ ሁለቱ አልተነኩም። ከዝርዝሩ ውጪ ደንበኛው አራት ነገር አስጨምሯል። አንዱ የፎቶ ማሳያ ነው፤ ዋጋው 8 እንደሆነ ጽፋችሁለት «ይሁን» ብሏል። ሌሎቹ ሦስቱ፣ ማለትም የሎጎ ማስተካከያው፣ የቀለም ለውጡና ለማኅበራዊ ገጽ የተሠራው ሥዕል፣ ዋጋ ሳይነሳባቸው በደግነት የተሠሩ ናቸው።

የሦስቱ ዋጋ ያንገበግባል፣ አውቃለሁ። ቢሆንም በመጨረሻው ሒሳብ ላይ አታስገቧቸው። ስምምነት የሌለበት አንድ መስመር ከገባ ደንበኛው በእሱ ላይ ይከራከርና ስምምነት ያለበትንም ክፍያ አብሮ ያቆየዋል። የመጨረሻ ሒሳብ ዋናው ጥቅሙ እያንዳንዱ መስመር ማስረጃ ያለው መሆኑ ነው። የሦስቱን ዋጋ ለትምህርት ቤት እንደከፈላችሁ ቁጠሩት።

ሒሳቡ ወደ ሌላው አቅጣጫም ሊያጋድል ይችላል። የተሠራው 40 ብቻ ሆኖ የተከፈላችሁ 50 ከሆነ፣ ውሉ «ቅድመ ክፍያ አይመለስም» ካላለ በቀር 10ሩን መልሱ። ሳትጠየቁ መልሱ። ገንዘቡ በእጃችሁ ሳለ የሚላክ ስንብት የሚያሰናብት አይሆንም።

3. የምታቆሙበትን ቦታ ምረጡ

ቀን ብቻ መምረጥ አይበቃም። ሥራው የት ላይ ይቆማል? ጥሩ ማቆሚያ ማለት ሌላ ባለሙያ መጥቶ እናንተን ሳይጠይቅ የሚቀጥልበት ቦታ ነው። ግማሽ የተሠራ ገጽ እንዲህ ያለ ቦታ አይደለም። ለደንበኛው አይጠቅመውም፣ ለእናንተም ዋጋ ለመተመን አይመችም።

ስለዚህ በ14ቱ ቀን ውስጥ ሦስተኛውን ገጽ ጨርሱ፣ አራተኛውን አትጀምሩ። ሦስተኛው ገጽ በዝርዝሩ ላይ ያለውን ሁሉ ይያዝ እንጂ የዓለም ምርጡ ገጽ ካልሆነ አትበሉ። ጥራቱን ማውረድም አይገባም። ደንበኛው «ሆን ብሎ አበላሸው» የሚልበት ቀዳዳ መኖር የለበትም።

4. ማሳወቂያው፦ አጭር፣ ቀን ያለው፣ ምክንያት የሌለው

ማሳወቂያው አራት ነገር ብቻ ይናገራል፦ እንደማቆም፣ መቼ እንደማቆም፣ እስከዚያ ምን እንደማስረክብ፣ ሒሳቡ መቼ እንደሚመጣ። በሥራ ቀን ጠዋት ላኩት፤ በምሳሌያችን ወሩ በገባ በ10 እንበል። ማታ የተላከ መልእክት ማታውኑ በስሜት ይመለስበታል።

> ሰላም፣
>
> በውላችን የማቋረጫ አንቀጽ መሠረት ከዛሬ ጀምሮ የ14 ቀን ማሳወቂያ እየሰጠሁ ነው። የመጨረሻው የሥራ ቀን 24 ይሆናል።
>
> እስከዚያ ሦስተኛውን ገጽ ጨርሼ በ15 አሳይዎታለሁ። አራተኛውና አምስተኛው ገጽ፣ እንዲሁም ድረ ገጹን መክፈት በእኔ በኩል አይሠሩም፣ ዋጋቸውም አይጠየቅም። በእጄ ያሉ የእርስዎ አካውንቶችና ፎቶዎች እስከ 24 ይመለሳሉ። የዲዛይንና የገጾቹ ዋና ፋይሎች በውሉ መሠረት ቀሪው ሒሳብ ሲጠናቀቅ ይተላለፋሉ።
>
> የመጨረሻውን ሒሳብ በ19 እልካለሁ። ሥራውን ለሚረከበው ባለሙያ የሚሆን ማስታወሻ አዘጋጃለሁ።

ምክንያት የለበትም። «ለምን?» ማለቱ አይቀርም፣ መልሱም አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፦ «ሥራውን በሚፈልጉት መንገድ መቀጠል ስላልቻልኩ ነው።» ይህ እውነት ነው፣ የሚከራከሩበትም ነገር የለውም። «ሁልጊዜ ማታ ስለሚጽፉልኝ» ካላችሁ ግን «ከእንግዲህ ማታ አልጽፍም» ይላችኋል። እሺ ካላችሁ ተመለሳችሁ፣ እምቢ ካላችሁ ደግሞ ሐሰተኛ ሆናችሁ። ምክንያት ያቀረበ ሰው ድርድር ከፍቷል።

«ሥራ ስለበዛብኝ» ብላችሁም አትዋሹ። «እሺ፣ ሲቀልልህ እንቀጥላለን» የሚል መልስ አለው። የታመመ ዘመድም አትፍጠሩ።

አጠራር ላይ አንድ ነገር ልበል። ለወራት «አንተ» ስትሉት ለቆያችሁት ደንበኛ በዚህ መልእክት ላይ በድንገት «እርስዎ» ማለት ከአክብሮት ይልቅ ቅዝቃዜ ሆኖ ነው የሚነበበው። በነበራችሁበት አጠራር ቀጥሉ። ከላይ ያለው ናሙና በአንቱታ ለሚጻጻፉ ነው።

ከላካችሁ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ስልክ ነው። ማንሳት ነውር አይደለም፣ ግን በስልክ አዲስ ነገር አትስማሙ። ስልኩ እንደተዘጋ «አሁን እንደተነጋገርነው የመጨረሻው ቀን 24 እንደሆነ ይቆያል» ብላችሁ ጻፉ። ዋጋ ልጨምር ካለም አመስግናችሁ እምቢ በሉ። ከአንድ ደንበኛ ጋር እንዲህ ተሸንፌ ቀጥያለሁ። ክፍያው ጨመረ፣ የእኩለ ሌሊቱ መልእክትም አብሮ ጨመረ፤ አሁን ደግሞ «ጨምሬ የለም እንዴ?» የሚል መግቢያ አገኘ።

ስድብ ከመጣ ለስድቡ መልስ የለውም። በመልእክቱ ውስጥ ስለ ሥራው የተጠየቀ ነገር ካለ ለእሱ ብቻ መልሱ። ከሌለ ዝም።

5. ርክክብ፦ የእሱ የሆነውንና ያልተከፈለበትን ለዩ

ብዙ ሰው ሕግ ፊት ራሱን የሚያጋልጠው እዚህ ላይ ነው። ደንበኛው ዕዳ ስላለበት ብቻ የእሱን ንብረት መያዝ ብዙ ጊዜ አይቻልም። የዶሜይን ስሙ፣ የኢሜይል አካውንቱ፣ የላከላችሁ ፎቶና ጽሑፍ የእሱ ናቸው፤ ቢከፍልም ባይከፍልም ይመለሳሉ። ያልተከፈለበት የእናንተ የዲዛይን ፋይል ግን ሌላ ነው። ውሉ ባለቤትነት የሚተላለፈው ከክፍያ በኋላ ነው ካለ፣ እስኪከፈል ማቆየት ትችላላችሁ። ለዚህ ነው ማሳወቂያው ላይ አስቀድመን የጻፍነው። ሕዝብ እየተጠቀመበት ያለን ድረ ገጽ በንዴት መዝጋት ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ቀሪ ሒሳብ ጠያቂ የነበራችሁት እናንተ የኪሳራ ተጠያቂ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ከዚያ በስማችሁ የተመዘገበውን ፈልጉ። ሥራ ሲጀመር ለፍጥነት ተብሎ ዶሜይኑ በእናንተ ስም፣ ሆስቲንጉ በእናንተ የባንክ ካርድ ተከፍሎ ሊሆን ይችላል። ወደ ደንበኛው አዛውሩና ካርዳችሁን አውጡ። ካርዱ ከቀረ በዓመቱ ለማታውቁት ሥራ ይቆረጥባችኋል። የገዛችሁት የፊደል ቅርጽ ፈቃድ በስማችሁ ከሆነና የማይተላለፍ ከሆነ፣ ደንበኛው የራሱን እንዲገዛ በማስታወሻው ላይ ጻፉ።

እኔን ያሞኘኝ ግን ሌላ ነው፤ የማረጋገጫ ኮድ። አንድ ጊዜ ፓስወርዱን ሁሉ በሥርዓት አስረክቤ ወጣሁ። የአካውንቱ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው ግን በእኔ ስልክ ነበር። ደንበኛው ለመግባት በሞከረ ቁጥር ኮዱ ለእኔ ይደርሳል፣ እሱም ይደውላል። ሦስት ወር ሙሉ ልንለያይ አልቻልንም። ስለዚህ ፓስወርድ ከመስጠታችሁ በፊት ኮዱ ወደሚሄድበት ስልክ ተመልከቱ። ደንበኛው በራሱ መሣሪያ መግባቱን በጽሑፍ ካረጋገጠላችሁ በኋላ ራሳችሁን ከአካውንቱ አስወጡ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሁለታችሁም ውጪ ትቀራላችሁ።

ለተተኪው ባለሙያ የሚሆነው ማስታወሻ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ምን አልቋል፣ ምን አላለቀም፣ ምን የት ይገኛል፣ የትኛው አገልግሎት መቼ መታደስ አለበት። ደንበኛው እንዲህ ነበር የሚል ሐሜት አይግባበት፤ ደንበኛው ራሱ ያነበዋል።

6. የመጨረሻው ሒሳብ

ሦስተኛውን ገጽ በ15 አሳያችሁ። «ከዝርዝሩ የጎደለ ነገር ካለ እስከ 18 ይጻፉልኝ» በሉ። የጎደለ ካለ አሟሉ። አዲስ ሐሳብ ከመጣ «ይህ ከዝርዝሩ ውጪ ነው፣ ለተተኪው በማስታወሻው ላይ አስፍሬዋለሁ» በሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር ከ«አልሠራም» የተሻለች ናት፤ ጥያቄውን ትቀበላለች፣ ሥራውን አትቀበልም።

በ19 ሒሳቡን ላኩ። ርእሱ ላይ «የመጨረሻ የክፍያ መጠየቂያ» ተብሎ ይጻፍ፣ ተራ ቁጥሩም ከቀደሙት ይቀጥል። ውስጡ እንዲህ ይሆናል፦

ዲዛይን፣ የጸደቀ፦ 40
የሦስት ገጽ ግንባታ፦ 30
የፎቶ ማሳያ፣ በኢሜይል የተስማሙበት፦ 8
ድምር፦ 78
እስካሁን የተከፈለ፦ 50
ቀሪ ክፍያ፦ 28

ከሥር አንድ መስመር ጨምሩ፦ «አራተኛና አምስተኛ ገጽ፣ ድረ ገጹን መክፈትና አጠቃቀም ማሳየት (30) አልተሠሩም፣ አልተጠየቀባቸውም።» ይህን መስመር ብዙዎች ይተዉታል። ለእኔ ግን ከሁሉ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ደንበኛው ያላገኘውን እየከፈለ እንዳልሆነ በዓይኑ ያያል። የቀድሞ መጠየቂያ ላይ ስሕተት ካገኛችሁ እሱን ሰርዛችሁ በሌላ አትተኩ፤ ስሕተቱን የሚያስተካክል ሌላ ሰነድ አውጡ። በመዝገብ ላይ የሚጠፋ ቁጥር ኋላ ከግብር ሰብሳቢው ጋር ያጨቃጭቃል።

የመክፈያው ቀን ውሉ የሚለው ነው። ውሉ ካላለ በእኛ ምሳሌ 24 ይሁን። ኢሜይሉ ራሱ ሁለት መስመር ነው፦ «የመጨረሻውን መጠየቂያ አያይዣለሁ። ቀሪው 28 ነው፣ የመክፈያው ቀን 24 ነው።» ስለ ግንኙነታችሁ ምንም የለም።

24 አልፎ ካልተከፈለ በማግስቱ አንድ ማስታወሻ፣ ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስተኛ ላኩ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ይኑራቸው። ሦስተኛው ላይ ብቻ ቀጥሎ የምትወስዱትን ርምጃ ጻፉ፣ የጻፋችሁትንም አድርጉ። የማታደርጉትን አትጻፉ።

አንዳንዴ 20 ከፍሎ «በዚህ ተዘግቷል» ይላል። እዚህ ላይ ዝም ማለት አደገኛ ነው። በአንዳንድ አገር ሕግ ገንዘቡን ዝም ብሎ መቀበል በ20 እንደተስማማችሁ ሊያስቆጥር ይችላል። ወዲያው ጻፉ፦ «20ውን በከፊል ክፍያነት ተቀብያለሁ፣ ቀሪው 8 ነው።» ወይም ለ8 ብሎ ሌላ ወር መጻጻፍ ካልፈለጋችሁ «በ20 መዘጋቱን እስማማለሁ» በሉና ጨርሱት። እኔ ሒሳቡን ከመላኬ በፊት የምቀበለውን ዝቅተኛ ቁጥር ለራሴ እጽፋለሁ። ኋላ በንዴት መካከል ሲወሰን ቁጥሩ ይዛባል።

7. የመጨረሻው መልእክት

ይህ የሚላከው ገንዘቡ ከገባ፣ ፋይሉም ከተላለፈ በኋላ ነው። ቀድሞ ከተላከ መጨረሻ አይሆንም።

> ሰላም፣
>
> 28ቱ ደርሶኛል፣ በመካከላችን ቀሪ ሒሳብ የለም። የዲዛይኑና የሦስቱ ገጾች ፋይሎች ዛሬ ተላልፈዋል፣ መቀበልዎንም አረጋግጠውልኛል። ከአካውንቶችዎ ሁሉ ወጥቻለሁ፤ ለደኅንነትዎ ፓስወርዶቹን ቢቀይሩ ጥሩ ነው።
>
> የዶሜይኑ ማደሻ ቀን በማስታወሻው የመጀመሪያ መስመር ላይ አለ።
>
> ሥራው መልካም እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

አንብባችሁት «ትንሽ ቀዘቀዘ» ካላችሁ ልክ ነው። ለማሞቅ ብላችሁ የምትጨምሩት ዓረፍተ ነገር ነው ጣጣ የሚያመጣው። በተለይ «ለማንኛውም ጥያቄ ዝግጁ ነኝ» የምትለዋ። ከልማድ በጣታችን ትወጣለች፣ ደንበኛው ግን እንደ ተስፋ ይይዛታል። «ለተፈጠረው ሁሉ ይቅርታ»ም እንዲሁ ነው። በእርግጥ ያጠፋችሁት ነገር ካለ ስሙን ጠርታችሁ ይቅርታ ጠይቁ፤ ለምሳሌ «ሁለተኛውን ገጽ አራት ቀን አዘግይቼ ነበር፣ ይቅርታ።» በጅምላ የሚጠየቀው ግን ሁሉንም ጥፋት እንደመፈረም ነው።

መልእክቱን ጽፋችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። ጠዋት ላይ ስታነቡ «ቢሆንም»፣ «እንደሚያውቁት» እና «ብዙ ጊዜ እንደነገርኩት» የሚሉትን ፈልጋችሁ አውጡ። ነገር የሚቆሰቁሱት እነሱ ናቸው። ከዚያ ላኩ። የተጻጻፋችሁትን ሁሉ፣ ውሉንና ሒሳቡን በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። በጋራ የምትጠቀሙበት የቴሌግራም ግሩፕ ካለ «ፋይሎቹ ተላልፈዋል፣ ከዚህ ወጥቻለሁ» ብላችሁ ውጡ።

ከወር በኋላ «አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች…» የሚል መልእክት ይመጣል። መምጣቱ አይቀርም። እኔ ሁለት ነገር አያለሁ። ጥያቄው ያስረከብኩት ነገር የት እንዳለ ከሆነ በአንድ መስመር እመልሳለሁ፦ «በማስታወሻው ሦስተኛ መስመር ላይ አለ።» ሥራ ከሆነ ደግሞ፦ «ይህን አሁን አልሠራም። የሚረከበው ባለሙያ በማስታወሻው ሊቀጥል ይችላል።» ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የጥያቄ ምልክት አልመልስም።